ኃላፊው በንዴት የጻፈውን የምዘና አንቀጽ እውነቱን ሳይለቁ ማለዘብ

የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ታህሳስ 30 ይዘጋል። ጥር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጾች ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራሉ። የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። ነጥብ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ብዙም አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ከሠንጠረዡ በታች "የቅርብ ኃላፊ አስተያየት" ተብሎ የተተወው ባዶ ቦታ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ያልተነገረ ነገር ሁሉ እዚያች አምስት መስመር ላይ ይፈስሳል።

እንዴት እንደማርመው ለማሳየት አንድ አንቀጽ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሄዳለሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። የፋይናንስ ኃላፊው ስለ አንዲት ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ የጻፉት ይህ ነበር፦

"ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ታረፍዳለች። የምታቀርበው ሪፖርት ስሕተት የሞላበት ነው። ለሥራዋ ግድ የላትም። አስተያየት ሲሰጣት ታኮርፋለች። ከደንበኛ ጋር የመነጋገር ችሎታ የላትም። በዚህ ሁኔታ አብረን መቀጠል አንችልም።"

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሲያነቡት ደፋርና ሐቀኛ ይመስላል። ቀስ ብለው ሲመረምሩት ግን ሠራተኛዋ ነገ ጠዋት ምን ማስተካከል እንዳለባት የሚነግራት አንድም ቃል አያገኙበትም። ማለዘብ ስል ማር መቀባት ማለቴ አይደለም፤ ከንዴት የመጣውን አውጥቶ ከሥራ የመጣውን ማስቀረት ማለቴ ነው።

አንደኛ፦ "ይህን ነግረዋታል?" ብሎ መጠየቅ

ብዕር ከማንሳቴ በፊት ኃላፊውን የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ቢሮዎቻችን ውስጥ ይሉኝታ ብርቱ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ "ማርፈድሽ አስቸግሮኛል" ማለት ስለሚከብድ ኃላፊው ዛሬም ነገም ያልፈዋል፤ ከሰላምታና ከቡና ጋር እየዋጠ ይከርማል። ከዚያ የምዘና ቅጽ ሲመጣ የዋጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ አንቀጹ ሲከር በሠራተኛዋ ጥፋት ልክ የከረረ አይደለም፤ ኃላፊው ዝም ባለበት ጊዜ ልክ ነው።

መልሱ የአጻጻፉን መንገድ ይወስናል። ተነግሯት ከነበረ "በጥቅምት እንደተነጋገርነው" ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ያ ብቻውን ዓረፍተ ነገሩን ያረጋጋዋል። አልተነገራት ከሆነ "በተደጋጋሚ ቢነገራትም" የሚል ሐረግ ሊገባ አይችልም፤ ሐሰት ይሆናልና። እኔ ከማስወጣቸው ሐረጎች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው፤ ኃላፊዎች በልባቸው ደጋግመው ስላሉት በአፋቸው ያሉት ይመስላቸዋል።

እኚህ ኃላፊ ትንሽ አሰቡና "በቀጥታ አልነገርኳትም፤ ግን ፊቴን አይታ ታውቃለች" አሉኝ። ፊት ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርተው በግል እንዲያነጋግሯት፣ ቅጹን ግን ገና እንዳያሳዩዋት ተስማማን። ማንም ሰው ጥፋቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ላይ ማንበብ የለበትም።

ሁለተኛ፦ ዓረፍተ ነገሮቹን በሦስት መክፈል

አንቀጹን በሌላ ወረቀት ላይ አትሜ ዓረፍተ ነገሮቹን ከ1 እስከ 6 ቆጠርኳቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ጻፍኩ፦ "የታየ"፣ "ፍርድ" ወይም "ዛቻ"።

የታየ ማለት ዓይን ያየው ወይም መዝገብ የያዘው ነገር ነው። ማርፈድና የሪፖርት ስሕተት እዚህ ይገባሉ፤ "ሁልጊዜ" እና "የሞላበት" የሚሉት ቃላት ቢያበላሿቸውም መሠረታቸው የታየ ነው። ፍርድ ማለት ኃላፊው ካየው ነገር ተነስቶ ስለ ሰውየዋ ማንነት የደረሰበት መደምደሚያ ነው። "ግድ የላትም"፣ "ታኮርፋለች"፣ "ችሎታ የላትም" ሦስቱም ፍርድ ናቸው። ስድስተኛው ዛቻ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ፍርድ መሆኑን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለኝ። ሠራተኛዋ አንብባው "አይደለሁም" ብላ ብትመልስ ክርክሩን የሚዘጋ መዝገብ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። "ታረፍዳለች" ሲባል "አላረፍድም" ብትል የጣት አሻራ ማሽኑ ይፈርዳል። "ግድ የላትም" ሲባል "ግድ አለኝ" ብትል ግን የሚፈርድ የለም። ዳኛ የሌለው ዓረፍተ ነገር ቅጹ ላይ መቆየት የለበትም፤ ወይ ወደ ታየው ነገር ይመለሳል፣ ወይ ይወጣል።

ሦስተኛ፦ ከእያንዳንዱ ፍርድ ሥር ያለውን ክስተት ማውጣት

ይህ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ክፍል ነው። ከኃላፊው ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን መዝገብ አገላብጠን ነበር። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የምጠይቀው ተመሳሳይ ነው፦ መቼ? ስንት ጊዜ? በዚህ የተነሳ ሥራው ላይ ምን ሆነ?

ከማርፈዱ ጀመርን። የስድስቱን ወር የመግቢያ ሰዓት ከማሽኑ አወጣሁ። የሥራ መግቢያ 2፡30 ነው፤ ሠራተኛዋ ከዚያ በኋላ የገባችው 14 ቀን ሆኖ ተገኘ። ከ14ቱ 11ዱ በኅዳርና በታህሳስ ናቸው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት አራት ወራት ያረፈደችው 3 ቀን ብቻ ነው። ኃላፊው ወረቀቱን ሲያዩ ዝም አሉ። "ሁልጊዜ" ያሉት ዋሽተው አይደለም፤ የቅርቡ ሁለት ወር የሩቁን አራት ወር ሸፍኖባቸው ነው። የምዘና ቅጽ የሚሞላ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነውና "ሁልጊዜ"፣ "በጭራሽ"፣ "ምንም" የሚሉ ቃላት ባየሁ ቁጥር መዝገቡን በወር ከፋፍዬ አያለሁ።

እንዲህ ሲከፋፈል አዲስ ጥያቄ ይወለዳል፦ ኅዳር ላይ ምን ተለወጠ? ኃላፊው አላወቁም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲያነጋግሯት ነው የተረዱት። ቤተሰቧ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ ተዛውሯል። በእግሯ ሩብ ሰዓት የሚፈጅባት መንገድ ታክሲ እየቀያየረች የምትመጣበት ሆኖባታል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱን ስናውቅ ልባችን ይራራና ማርፈዱን ከአንቀጹ ልናወጣው እንፈልጋለን። አይወጣም፤ 14 ቀን 14 ቀን ነው፤ በእነዚያ ጠዋቶች ሥራዋን የሸፈነ ባልደረባ አለ። ምክንያቱንም ኃላፊው በራሳቸው ክፍል ውስጥ አይጽፉትም፤ የሷ የግል ጉዳይ ነው። ከፈለገች "የሠራተኛው አስተያየት" በሚለው ቦታ ራሷ ትጽፈዋለች።

ወደ ሪፖርቱ ሄድን። ዋና ሥራዋ ወርኃዊውን የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ እስከ ቀጣዩ ወር 5ኛ ቀን ማስረከብ ነው። በስድስት ወር ውስጥ 6 አስረክባለች። 4ቱ በቀናቸውና ያለ እርማት ገብተዋል። የጥቅምቱና የኅዳሩ ለእርማት ተመልሰዋል፤ በአንደኛው ላይ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፣ በሌላው ላይ ሁለት ያልተመነዘሩ ቼኮች ሳይካተቱ ቀርተዋል። በዚህ የተነሳ የወሩ ሒሳብ መዝጊያ በእያንዳንዱ ወር 2 ቀን ዘግይቷል። "ስሕተት የሞላበት" የተባለው ይህ ነው። አሁን ትልቅነቱም ትንሽነቱም በልኩ ይታያል።

"ታኮርፋለች" የሚለውን ስንከፍተው አንድ ቀን ወጣ። የኅዳሩን ማስታረቂያ ኃላፊው በክፍሉ ስብሰባ ላይ፣ በሌሎች ስድስት ሰዎች ፊት አርመውባታል። እሷ መልስ አልሰጠችም፤ ስብሰባው ሳያልቅ ወጥታ ሄደች፤ በዚያ ቀን የተላከላትን መልእክትም ሳትመልስ ዋለች። በአማርኛ ዝምታ ብዙ ትርጉም አለው። ኩርፊያ ሊሆን ይችላል፤ ሐፍረት ሊሆን ይችላል፤ ለታላቅ መልስ ላለመስጠት የተደረገ አክብሮትም ሊሆን ይችላል። ኃላፊው የትኛው እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም። የሚያውቁት ከስብሰባው እንደወጣችና መልእክቱ እንዳልተመለሰ ነው፤ የሚጻፈውም ከዚህ ማለፍ የለበትም።

"ከደንበኛ ጋር የመነጋገር ችሎታ የላትም" የሚለውም ከአንድ ስልክ የመጣ ሆነ። ገና ቀኑ ያልደረሰ ክፍያ ለጠየቀችው ደንበኛ "ካልከፈላችሁ ወደ ሕግ እንሄዳለን" ብላ፣ ደንበኛው ለኃላፊው አቤት ብሏል። ጥፋት ነው። ግን አንድ ጥፋት ነው፤ አንድ ጥፋት ችሎታን አይለካም።

ለ"ግድ የላትም" ግን ምንም ክስተት አልተገኘም። ብንፈልግ ብንፈልግ ተመልሰን እዚያው ማርፈዱና ሪፖርቱ ላይ እንወድቃለን። ማለትም ኃላፊው አንዱን ጥፋት በሌላ ስም ሁለተኛ ጊዜ ቆጥረውታል። ሰረዝነው።

በዚህ ጊዜ ኃላፊው "እውነቱን እያጠፋሽብኝ ነው" አሉኝ። ቅሬታቸው ተገቢ ነበር፤ ብዙዎች የሰው ኃይል ባለሙያዎች አንቀጽ አለዝበናል ሲሉ በእርግጥም እውነቱን ያጠፋሉ። ያሳየኋቸው ነገር ቢኖር መዝገቡን ነው፦ እርስዎ የጻፉት "ሁልጊዜ" ይላል፤ እኔ የምጽፈው "14 ቀን" ይላል። የትኛውን መካድ ይከብዳታል?

አራተኛ፦ እንደገና መጻፍ

በመጀመሪያ የማስተካክለው አጠራሩን ነው። ቅጹ ላይ ያለው የምስጋና ክፍል "ወርኃዊ ሥራቸውን በትጋት ይሠራሉ" ይላል፤ ወደ ጥፋቱ ሲደርስ "ታረፍዳለች" ይሆናል። ሲያመሰግኑ እሳቸው፣ ሲወቅሱ እሷ። ይህ መንሸራተት ከየትኛውም ክፉ ቃል በላይ ያማል፤ አንባቢዋ አክብሮቱ የት ላይ እንደተነሳባት በትክክል ታያለችና። በኮሪደር ላይ "አንቺ" የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ብትሆንም ወረቀት ላይ "እርስዎ" ትባላለች። ይህ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ ሌላ ኃላፊ ያነብበዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አጠራር እይዛለሁ። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው "እርስዎ" ብሎ ለራሷ መጻፍን ነው፤ "ሠራተኛዋ" የሚለው ስለሷ ለሌላ ሰው የሚያወሩባት ያስመስላል። ጨርሼ ሳነብ ግሶቹን አንድ በአንድ አያለሁ፤ አንዲት "-ለች" ብትቀር ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ የዓረፍተ ነገሩን አሠራር አያለሁ። "የወሩን ሒሳብ ያዘገዩት እርስዎ ነዎት" ሲባል ጣት ይቀሰራል። "የወሩ ሒሳብ መዘግየት ተስተውሏል" ሲባል ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል፤ ቢሮዎቻችን የሚወዱት ይህ አጻጻፍ አክብሮት ይመስላል እንጂ ጭጋግ ነው። መካከለኛው ቀላሉ ነው፦ "የጥቅምትና የኅዳር ማስታረቂያዎችን በቀናቸው አስረክበዋል፤ ሁለቱም ለእርማት ተመልሰዋል።" ያደረገችው ተነገረ፣ የሆነው ተነገረ፣ ጣት አልተቀሰረም።

"ግን" ከሚለው ቃልም እጠነቀቃለሁ። "4ቱን በጥሩ ሁኔታ አቅርበዋል፤ ግን 2ቱ ስሕተት ነበረባቸው" ሲባል ሰው የሚሰማው ከ"ግን" በኋላ ያለውን ብቻ ነው። አራት ነጥብ አድርጌ ሁለቱን ለየብቻ አቆማቸዋለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ማፍረስ የለበትም። በዚያው ምክንያት ለማባበል ብቻ የሚጨመር ምስጋናም አልጽፍም። አራቱ ማስታረቂያዎች የገቡት እውነት ስለሆኑ ነው።

አምስተኛ፦ ዛቻውን ወደ ቦታው መመለስ

"አብረን መቀጠል አንችልም" የሚለውን ኃላፊው የጻፉት 14ቱን ቀን አስበው ነው። እንዲያውም "በሕግ እኮ ስምንት ቀን ይበቃል" አሉኝ። ሕጉን ግማሹን ነው የሚያውቁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት የሚሆነው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ሲደጋገም፣ ያውም ሠራተኛው ስለዚሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ከሆነ ነው። ለሷ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልተሰጣትም። የምዘና አስተያየትን እንደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልጠቀምበት ማለትም አያዋጣም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። ማስጠንቀቅ ከፈለጉ በራሱ ቁጥርና ቀን የወጣ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ካልፈለጉ ቅጹ ላይ አይዛትም።

"ችሎታ የላትም" የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአዋጁ የሥራ ችሎታ መቀነስ በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የሚረጋገጠውም፣ የኅብረት ስምምነት ሌላ ነገር ካልደነገገ በስተቀር፣ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። እናም ያቺ በንዴት የተጻፈች ሐረግ ነገ ክርክር ቢነሳ ክብደት ያላት ማስረጃ ሆና ልትቀርብ ትችላለች። አንድ የስልክ ንግግር ይህን ያህል መሸከም አይችልም። (ይህ አዋጅ የሚመለከተው እንደኛ ያለውን የግል ድርጅት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይዳኛሉ።)

ዛቻው ሲወጣ ግን የጉዳዩ ክብደት አብሮ መውጣት የለበትም። ኃላፊው በእጃቸው ያለ፣ በእርግጥም የሚፈጽሙት ውጤት አለ፤ የሰኔው ምዘና ነጥብ። እሱን በግልጽ እንጽፈዋለን።

የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦

"ከሐምሌ እስከ ታህሳስ ባሉት 6 ወራት 14 ቀን ከ2፡30 በኋላ ገብተዋል፤ 11ዱ በኅዳርና በታህሳስ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ጠዋት የሚመጡ የባንክ ሰነዶችን ሌላ ባልደረባ ተቀብሎልዎታል። ከ6ቱ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያዎች 4ቱን በቀናቸውና ያለ እርማት አስረክበዋል። የጥቅምትና የኅዳር ማስታረቂያዎች ለእርማት ተመልሰዋል፤ በዚህም የየወሩ ሒሳብ መዝጊያ 2 ቀን ዘግይቷል። ከመጪው ወር ጀምሮ ከማስረከብዎ በፊት ያልተመነዘሩ ቼኮችንና በድጋሚ የተመዘገቡ ገቢዎችን ለይተው እንዲያመሳክሩ ይጠበቅብዎታል። በኅዳር ወር ለአንድ ደንበኛ ቀኑ ላልደረሰ ክፍያ ስለ ሕግ እርምጃ መናገርዎ ቅሬታ አስከትሏል፤ ስለ ሕግ እርምጃ ለደንበኛ ከመናገርዎ በፊት እኔን ያማክሩኝ። በሰጠሁዎት አስተያየት ካልተስማሙ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ በግል ይንገሩኝ፤ እኔም እርማቴን ከእንግዲህ በግል እሰጥዎታለሁ። የመግቢያ ሰዓትና የማስታረቂያ ጥራት እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተሻሻሉ በሰኔው ምዘና ነጥብዎ ላይ ይታያል።"

ርዝመቱ ከመጀመሪያው በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። በስድስት ዓረፍተ ነገር የነበረው ንዴት ሲዘረዘር ይረዝማል። ቅጹ ላይ ቦታ ካነሰ ተጨማሪ ገጽ ይያያዛል እንጂ ቁጥሮቹ አይቆረጡም። ስለ ስብሰባው ያለው ዓረፍተ ነገር ስብሰባውን በስም አለመጥራቱ ሆን ተብሎ ነው፤ በዚያ ቀን ጥፋቱ የሁለቱም ነበር፣ ኃላፊውም የራሳቸውን ድርሻ እንዲጽፉ ስጠይቃቸው ሳያመነቱ ተስማምተዋል።

ስድስተኛ፦ ከልክ በላይ ለዝቦ እንደሆነ መፈተን

ይህን ፈተና አልዘልም፤ የእኔ ሙያ ዋና በሽታ እዚህ ነውና። አንቀጹን ጉዳዩን ለማያውቅ ሌላ ባልደረባ (ስም ሸፍኜ) አነብለታለሁ። ከዚያ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ሰውየዋ ምን አደረገች? ምን ማስተካከል አለባት? ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ ነው? ሦስቱን ሳያመነታ ከመለሰ አንቀጹ ደኅና ነው። ሦስተኛው ላይ "ያን ያህል አይመስለኝም" ካለ ከልክ በላይ አለዝቤዋለሁ ማለት ነው።

እውነትን የሚበሉ ቃላት የታወቁ ናቸው። "አልፎ አልፎ" 14 ቀንን ይውጣል። "መጠነኛ ክፍተት" የሁለት ወር ሒሳብ መዘግየትን ይውጣል። ከሁሉ የከፋው "ቢሻሻል መልካም ነው" የሚለው ነው፤ በአማርኛ "ቢሆን መልካም ነው" የተባለ ነገር ባይሆንም ምንም አይደለም ማለት ነው። ግዴታ ከሆነ "ይጠበቅብዎታል" ይባላል። ይህ ቃል ጠንካራ ነው፤ አያዋርድም።

ሌላው የሚፈተነው ከነጥቡ ጋር መስማማቱ ነው። ኃላፊው በሰዓት አክባሪነት ከ5 የሰጧት 2 ነው። አንቀጹ "አልፎ አልፎ" ቢል ኖሮ 2ቱ ከየት መጣ ትላለች፤ ልክም ነች። በሥራ ጥራት ላይ ግን መጀመሪያ 2 ሰጥተው ነበር። ከ6 ማስታረቂያ 4ቱ ንጹሕ መሆኑን ካዩ በኋላ ራሳቸው ወደ 3 ቀየሩት። አንቀጹን ማረም አንዳንድ ጊዜ ነጥቡንም ያርማል፤ እኔ ግን ነጥብ እንዲቀየር ጠይቄ አላውቅም፤ መዝገቡን ማሳየት ይበቃል።

ሰባተኛ፦ ማስረከብ

የታረመው አንቀጽ የኃላፊው እንጂ የእኔ አይደለም። ስለዚህ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት እጠይቃለሁ። ምላሳቸው የተደናቀፈበት ቃል የእነሱ ቃል ስላልሆነ ይቀየራል። እኚህ ኃላፊ "ያመሳክሩ" ከሚለው በፊት "ለይተው" የሚለውን የጨመሩት በዚህ ጊዜ ነው።

ሠራተኛዋ ቅጹን ከኃላፊው እጅ ትቀበላለች፤ በግል፣ በር ተዘግቶ፣ ለማንበብ ጊዜ ተሰጥቷት። ፊርማዋ ማንበቧን እንጂ መስማማቷን እንደማያሳይ አስቀድሞ ይነገራታል፤ በኛ ቅጽ ላይ ይህ ከፊርማው መስመር በላይ ተጽፏል። በቅጽዎ ላይ ከሌለ በእጅም ቢሆን ይጻፉት። አስተያየቷን ለመጻፍ እስከ ማግሥቱ ብትወስደው ይፈቀድላት፤ በድንጋጤ የተጻፈ መልስ ለማንም አይበጅም።

እሷ ቅጹን በማግሥቱ መለሰችው። በራሷ ቦታ ላይ ሁለት መስመር ጽፋለች፤ በመጀመሪያው የመኖሪያ ቦታዋ በኅዳር መለወጡን፣ በሁለተኛው የመግቢያ ሰዓቷ 3፡00፣ መውጫዋ ደግሞ በዚያው ልክ ገፋ ቢል ጠዋት የሚመጣውን ሰነድ ራሷ እንደምትረከብ፤ የባንኩ መልእክተኛ ከ3፡00 በፊት መጥቶ አያውቅም። ኃላፊው ከሥር "ተስማምቻለሁ፤ ከጥር 15 ጀምሮ ይሞከራል" ብለው ፈረሙበት። አንዱን ቅጂ ለሷ፣ አንዱን ለፋይሉ አድርጌ፣ መጋቢት 30ን በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ በቀይ ከበብኩት።